የማታ ምስል ስትሠሩ ታፔላውን መጨረሻ ላይ አድርጉት

በምስል ማመንጫ የሕንፃ የማታ ምስል ልትሠሩ ከሆነ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ለእኔ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ለሞዴሉ በምትጽፉት ትእዛዝ፣ በፕሮምፕቱ ላይ፣ አምፖሉን አትጻፉ። ብርሃኑ የት እንደሚያርፍና የት እንደሚያልቅ ጻፉ።

ሥራው ደሴ ውስጥ ያለ የድንጋይ እንግዳ ማረፊያ ነበር። የጦሳን ተራራ ጀርባው አድርጎ ተዳፋት ላይ የተሠራ ነው። ባለቤቱ ሐጂ፣ ኤሌክትሪሽያኑ ግንቡን ሳይበሳ ማታ ምን እንደሚመስል ማየት ፈለጉ። ግድግዳው ከስር ወደ ላይ እንዲበራ፣ ኮብልስቶኑ ዳር አጫጭር የመንገድ መብራቶች እንዲቆሙ፣ በሩ ላይ ደግሞ የበራ ታፔላ እንዲኖር ነው ሐሳባቸው። ለታፔላው ፈቃድም የማታ ምስል ማስገባት ነበረባቸው። ፈቃዱ ያመጣብኝን ጣጣ ቆየት ብዬ አወራዋለሁ።

ቀላሉን ቶሎ ልጨርስ። ፎቶውን 12 ሰዓት ተኩል አካባቢ፣ ፀሐይ ከገባች በኋላ አነሳሁ። ጂምፕ በሚባለው የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ላይ በደንብ አጨልሜ ትንሽ ሰማያዊ ቀባሁት። ከዚያ ስቴብል ዲፊውዥን በሚባለው የምስል ማመንጫ ውስጥ፣ ከፎቶ ተነስቶ አዲስ ምስል በሚሠራው በምስል-ወደ-ምስል አስገባሁት፤ የሕንፃው ቅርፅ እንዳይፈርስም የጥልቀት ኮንትሮልኔት ጨመርኩ። ማጨለሙን አትዝለሉት። ምስል-ወደ-ምስል የብርሃንና የጥላ አቀማመጡን የሚወስደው ከሰጣችሁት ፎቶ ነው። የቀን ፎቶ ሰጥታችሁ፣ ሞዴሉ ፎቶውን ምን ያህል እንደሚቀይር የሚወስነውን `Denoising strength` 0.5 ላይ ብታስቀምጡ የምታገኙት ማታ ሳይሆን ደመናማ ከሰዓት ነው።

አሁን ስለ ነጸብራቁ፣ ማለትም በመብራቶቹ ዙሪያ ስለሚፈነዳው ብርሃን። መጀመሪያ የተከተልኩት ሁሉም የሚመክረውን ነው፤ «የሚያበራ»፣ «ድራማዊ»፣ «ጥቁር ሌሊት» የሚሉ ቃላት መደርደር። የወጣው ምስል ላይ ከእያንዳንዱ መብራት ነጭ ኳስ ፈንድቷል። ምክንያት አለው። የቆዩት የስቴብል ዲፊውዥን ስሪቶች፣ ለምሳሌ 1.5፣ የሠለጠኑበት መንገድ የምስሉን አማካይ ብርሃን ወደ መካከለኛ ግራጫ ይጎትተዋል። ጨለማ ስትጠይቁት ጨለማውን ለማካካስ መብራቶቹን ያፈነዳቸዋል። ስለዚህ ድቅድቅ ሌሊት አትጠይቁ። ሰማዩ ገና ጥልቅ ሰማያዊ የሆነበትን ሰዓት ጠይቁ። ሰማዩ ራሱ ከብርሃኑ ድርሻ ስለሚይዝ መብራቶቹ ይረጋሉ። አዲሶቹ ሞዴሎች ላይ ችግሩ ቀሎአል፤ እኔ ግን እነሱም ላይ ይህን ሰዓት አልለቅም።

ሌላው ምክር ደግሞ «ነጸብራቅ የለም ብላችሁ ጻፉ» የሚለው ነው። አትጻፉ። ሞዴሉ «የለም» የሚለውን አብዛኛውን ጊዜ አይሰማም፤ «ነጸብራቅ» የሚለውን ይዞ ይሄዳል። የማትፈልጉትን ለብቻው በተዘጋጀው በኔጋቲቭ ፕሮምፕት ሳጥን ውስጥ አስገቡ፤ እሱንም ጥቂት ቃል ብቻ። እኔ የረጋሁበት ይኸው ነው፦

```
stone guesthouse at blue hour, deep blue sky,
warm light grazing up the lower stone wall,
fading out below the eaves, fixtures hidden,
small pools of light on cobblestone, dark gaps between
```

ኔጋቲቩ፦

```
bloom, lens flare, starburst, neon, overexposed
```

ሦስተኛውን መስመር ልብ በሉ። ብርሃኑ ጣሪያው ክፈፍ ሳይደርስ እንዲያልቅ ይላል። የብርሃኑን መጨረሻ ካልነገራችሁት ግድግዳው ከታች እስከ ላይ እኩል ይበራና በፓውዛ የተመታ ይመስላል። መጨረሻውን ስትነግሩት ግን ከታች ደመቅ ብሎ ወደ ላይ እየሳሳ ይሄዳል፤ የድንጋዩም ሻካራነት በጥላ ይወጣል። ግድግዳው ሥር የተቀበረ እውነተኛ መብራትም ይህንኑ ነው የሚያደርገው። ሞዴሉ ፕሮምፕቱን ምን ያህል አጥብቆ እንደሚከተል የሚወስነውን `CFG Scale` ብዙ ጊዜ 7 ላይ ተቀምጦ ታገኙታላችሁ። ወደ 5 አውርዱት። ከፍ ሲል ቀለሙ ይጮኻል፣ ብርሃኑም ይቃጠላል።

የመንገድ መብራቶቹ ደግሞ በስማቸው ሲጠሩ እንደ አውሮፕላን ማረፊያ ተደርድረው ይመጣሉ። ለዚህ ነው አራተኛው መስመር መብራቱን ሳይጠራ መሬት ላይ የሚያርፈውን ብርሃንና በመካከል ያለውን ጨለማ ብቻ የሚጠቅሰው። በቂ ካልሆነላችሁ ያጨለማችሁት ፎቶ ላይ በለስላሳ ብሩሽ ሞቅ ያለ ቢጫ ጠብ ጠብ አድርጉ። ሞዴሉ እዚያው ቦታ ላይ ብርሃን ያደርግላችኋል። ከቃል ይልቅ ብሩሽ ይታዘዛል።

ጉም ላይ ከሐጂ ጋር ትንሽ ተከራከርን። «ልጄ፣ ደሴ ያለ ጉም ደሴ ናት ወይ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ግን ጉም ብላችሁ ስትጽፉ ሞዴሉ በየመብራቱ ዙሪያ ክብ ጭጋግ ያለብሳል፤ የሸሻችሁት ነጸብራቅ በኋላ በር ይገባል። ጉሙን ከፕሮምፕቱ አወጣሁና ጦሳ ላይ ብቻ በብሩሽ ጨመርኩት። ወደዱት።

እስከዚህ ሥራው ሰላም ነበር። ታፔላው ግን አንጀቴን አሳረረው።

የበራ ታፔላ ስትጠይቁ ሞዴሉ የሚሰጣችሁ ነጭ ሰሌዳ ነው። ለምን እንደሆነ ለመረዳት በስልካችሁ አንድ የማታ ፎቶ አንሱ። ካሜራው ሕንፃውን ለማሳየት ሲሞክር ታፔላው ይቃጠላል። ሞዴሉ የተማረው ከእንደዚህ ዓይነት ፎቶዎች ነው፤ ለእሱ የበራ ታፔላ ማለት የተቃጠለ ታፔላ ነው። የተቃጠለውን ደግሞ ኋላ ማዳን አይቻልም። የቀለም መምረጫውን ሰሌዳው ላይ ስታስቀምጡ ሦስቱም ቁጥሮች 255 ካሉ እዚያ ውስጥ ምንም የለም። ብታጨልሙት ግራጫ ሰሌዳ ይሆናል እንጂ ፊደል አይወጣም።

ፊደሉም ሌላ ጉድ ነው። ግዕዝ ፊደል የሚመስል፣ ግን የማንም ያልሆነ ጭረት ነው የሚጽፈው። ስለዚህ ከሞዴሉ የጠየቅሁት ባዶ፣ ጥቁር የብረት ሰሌዳ ብቻ ነው፤ ከበስተጀርባው ግድግዳው ላይ ደብዘዝ ያለ ሞቅ ያለ ብርሃን ያለው። ጽሑፉን ጂምፕ ላይ በራሱ ሌየር ጻፍኩ። ፊደሉን ነጭ አላደረግሁትም፤ ክሬም ሆኖ ከፍተኛው ቁጥር 235 አካባቢ። ከሥሩ የዚያኑ ጽሑፍ ቅጂ አደብዝዤ፣ በጣም አሳስቼ አስቀመጥኩ። ያ ነው የበራ የሚያስመስለው። የድብዘዛው ስፋት ከፊደሉ ውፍረት ካለፈ ግን ነጸብራቅ ይሆናል።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ጽሑፉ ከገባ በኋላ «ከሕንፃው ጋር ይዋሃድ» ብላችሁ መልሳችሁ በሞዴሉ አታሳልፉት፤ `Denoising strength` ዝቅተኛ ቢሆንም እንኳ። «ማረፊያ» ውስጥ ያለችው «ፊ» እግሯ ላይ ያለችው ትንሽ ጭረት ትጠፋና «ማረፈያ» ይሆናል። ከሩቅ አይታይም። ታትሞ ሲሰቀል ግን ከተማው ሁሉ ያነበዋል።

ምስሉን ለሚመለከተው ቢሮ አስገባን። መልሱ «ታፔላው አይበራም፤ ጎልቶ ይታይ» የሚል ሆነ። አብራሁት፤ ፊደሎቹ እርስ በርስ ተያያዙ። መልሰው «አሁን አይነበብም» አሉ። ሐጂ «አብሽር፣ ይስተካከላል» ይሉኛል፤ እኔ ውስጤ ይንጨረጨራል። የቢሮው ባለሙያ መጨረሻ ላይ ያቀረበልኝ መፍትሔ በሁለት በኩል ፓውዛ እንድጨምር ነበር። ፓውዛ! ግድግዳውን በስንት መከራ ያረጋጋሁት ሰውዬ።

ቢሮ ድረስ ሄጄ ጠረጴዛቸው ላይ ያለውን ሳይ ነገሩ ተገለጠልኝ። የሚያዩት በኮምፒውተር አልነበረም። በቢሮ ፕሪንተር፣ በተራ ወረቀት፣ ያውም በጥቁርና ነጭ ያተሙትን ነው። ተራ ወረቀት ቀለሙን ስለሚመጥ ጨለማው ክፍል ሁሉ ወደ ጥቁርነት ይሄዳል። ሰማያዊው ሰማይ፣ ድንጋዩ፣ ኮብልስቶኑ አንድ ላይ ጭቃ ሆነዋል። ይህን በስልክ ቢነግሩኝ ምን ነበረበት?

ያደረግሁት ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ታፔላውን አልነካሁትም፤ ከጎኑ ያለውን ግድግዳ አጨለምኩ። በሩ አጠገብ ያለውን ከስር የሚመጣ ብርሃን ወደ ማዕዘኑ አሸሸሁት። ጽሑፍን የሚያስነብበው በፊደሉና በጀርባው መካከል ያለው ልዩነት ነው። ጀርባው ሲጨልም ያው 235 ዘሎ ወጣ። ሁለተኛ፣ ለሕትመት ሌላ ቅጂ አዘጋጀሁ። እዚያ ላይ `Levels` ውስጥ የመሃሉን ቁጥር ብቻ ከ1 ወደ 1.3 ከፍ አደረግሁ። የመሃሉ ከፍ ሲል ጥላው ይከፈታል፤ ነጩ ጫፍ ግን ካለበት አይነቃነቅም። ብራይትነስ የሚለውን ብትጎትቱ ግን ጥቁሩም አብሮ ይወጣና ምስሉ ሁሉ ይገረጣል። በተራ ወረቀት አትሜ ራሴ ካየሁት በኋላ አስገባሁት፤ አለፈ። ባለሙያው «አሁን መብራት ጨመርክበት አይደል?» አለኝ። ከታፔላው አጠገብ መብራት እንደቀነስኩ አልነገርኩትም።

አሁን ምስሉን ኤሌክትሪሽያኑ ይዞታል። «ስንት ዋት ነው ይሄ?» ብሎ ጠየቀኝ። ምስሉ ዋት አያውቅም፤ ብርሃኑ የት ይረፍ የሚለውን ብቻ ነው የሚያሳየው። ስለዚህ አንድ መብራት ብቻ ገዝቶ፣ በኤክስቴንሽን ገመድ ግድግዳው ሥር አስቀምጦ፣ ሲመሽ ከመንገዱ ማዶ ቆመን እንድናየው ተስማማን። ከግድግዳው ምን ያህል መራቅ እንዳለበት የምንወስነው ያኔ ነው። ከዚያ በፊት ግንቡን እንዳይበሳ ሐጂ ራሳቸው አስጠንቅቀውታል።