እማማና አውራ ዶሮው፦ ለውጭ ዘመዶቻችን የሠራሁት የእንቁጣጣሽ አኒሜሽን

ለ2018 እንቁጣጣሽ ውጭ ላሉ ዘመዶቻችን የወረቀት አኒሜሽን ሠርቼ ላክሁ። ርዝመቱ 35 ሰከንድ ገደማ ነው። ሥዕሉን ቆርጬ፣ በስልክ ፎቶ እያነሣሁ፣ Stop Motion Studio በሚባለው መተግበሪያ ገጣጠምኩት። ቦታው ለገጣፎ፣ የቤታችን ሳሎን ነው። እዚህ ብዙዎቻችሁ ተመሳሳይ ነገር እየሞከራችሁ ስለሆነ፣ ከሁሉም በላይ ጊዜ የሰጠሁትን ክፍል ላካፍላችሁ። እሱም የወረቀት አፍ አማርኛ የሚናገር እንዲመስል ማድረግ ነው።

መጀመሪያ ስክሪፕቱ። የሐሳቡ መነሻ የሰዓት ልዩነት ነበር። አክስቴ ዋሽንግተን ናት፤ በመስከረም እዚያ ከእኛ በ7 ሰዓት ወደ ኋላ ነው። አጎቴ ስቶክሆልም ስለሆነ ልዩነቱ አንድ ሰዓት ብቻ ነው። እኛ ጋ መስከረም 1 ሲነጋ አክስቴ ገና ጳጉሜን 5 ማታ ላይ ናት። ስለዚህ ዶሮው ጮኾ ሁሉንም መቀስቀስ ይፈልጋል፣ እማማ ደግሞ ትከለክለዋለች። ሙሉው ይኸውና፦

ዶሮ፦ ኩኩሉ! ነጋ! እማማ፣ ነጋ!
እማማ፦ ሰማሁህ። ልጆቼ ጋ ገና አልነጋም፤ ቀስ በል።
ዶሮ፦ ታዲያ ማን ይቀስቅሳቸው?
እማማ፦ አበባው ይቀስቅሳቸዋል። (አደይ አበባ ከሥር ብቅ ብቅ ይላል፤ ሜዳው ይሞላል)
እማማ፦ ከዘመነ ማቴዎስ ወደ ዘመነ ማርቆስ እንኳን በሰላም አሸጋገራችሁ!
ዶሮ፦ እንኳን አደረሳችሁ! እኔንም እንኳን አደረሰኝ!
እማማ፦ መልካም አዲስ ዓመት!

የዶሮውን የመጨረሻ ቃል እወደዋለሁ። በበዓል ዋዜማ ከቢላዋ የተረፈ ዶሮ “እንኳን አደረሰኝ” ቢል እውነት አለው። የዘመነ ማርቆሱን ዓረፍተ ነገር ግን ለብቻው አድርጌ ነው ያነሣሁት። ሙስሊም ለሆነችው ለአጎቴ ሚስት ቤተሰቦች በሚላከው ቅጂ ላይ “እንኳን ለአዲሱ ዓመት አደረሳችሁ” በሚል ተተክቷል። ከፊትና ከኋላው ያለው ሥዕል አልተነካም።

የስክሪፕቱ ዓረፍተ ነገሮች ለምን እንዲህ አጠሩ ብትሉ፣ በሴኮንድ 12 ፎቶ ስለሚያስፈልግ ነው። 35 ሰከንድ 420 ፎቶ ይሆናል። እርግጥ ሰው ዝም ብሎ የሚቆምበት ቦታ ላይ አንዱን ፎቶ መተግበሪያው ውስጥ ማባዛት ይቻላል። የሚናገር አፍ ግን አይባዛም። ረጅም ንግግር ማለት ብዙ የአፍ ፎቶ ማለት ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ሲናገር ሌላው እንዳይንቀሳቀስ አደረግሁ። ተመልካቹም ዓይኑን የት እንደሚያሳርፍ ያውቃል።

ድምፁን የቀዳሁት ከሥዕሉ በፊት ነው። ይህ ቅደም ተከተል መቀየር የለበትም። የእማማን ድምፅ የሰጠችው እናቴ ናት። እኛ ሰፈር ክረምት ሲሆን ቆርቆሮ ላይ የሚወርደው ዝናብ ሌላ ድምፅ አያሰማም፤ ማታ ማታ ደግሞ ውሻው ሁሉ ጅብ ሸቶት ይጮኻል። ስለዚህ ረፋድ ላይ፣ ዝናብ በሌለበት፣ ቁም ሣጥኑን ከፍተን ልብሶቹ መሃል ስልኩን አስቀመጥን። ጨርቅ የክፍሉን ማስተጋባት ይውጠዋል። “እታለም ደውላልሽ እንደምታወሪያት አድርገሽ በይው” አልኳት። አክስቴን እታለም ነው የምንላት። ወረቀቱ ላይ የነበረው “እነሱ ጋ ገና አልነጋም” ነበር። እሷ “ልጆቼ ጋ” ብላ ተናገረችው፤ እንደዚያው ተውኩት።

አሁን ወደ አፉ። ድምፁን በቪዲዮ ማቀናበሪያ ከፈትኩና ቀስ እያደረግሁ አዳመጥኩት። ካሬ ካሬ መስመር ያለው የሒሳብ ደብተር ላይ አንዱን ካሬ እንደ አንድ ፎቶ ቆጥሬ፣ የትኛው ፊደል የትኛው ካሬ ላይ እንደሚሰማ ጻፍኩ። ቀጥሎ ያለው ጥያቄ ስንት ዓይነት አፍ ልቁረጥ የሚለው ነው። የውጭ አገር መማሪያዎች ብዙ ጊዜ ስምንት፣ ዘጠኝ፣ ከዚያም በላይ አፍ ያሳያሉ። ለእኛ የሚቀል መንገድ ፊደላችን ራሱ ውስጥ አለ። ፊደሉ የትኛው ቤት እንደሆነ ካየን አፉ ምን እንደሚመስል እናውቃለን።

ራብዕ ሲሆን፣ እንደ ካ፣ ሳ፣ ላ፣ አፉ በደንብ ይከፈታል። ካዕብና ሳብዕ፣ እንደ ሁ፣ ኩ፣ ሎ፣ ከንፈርን ያሾላሉ። ግዕዝ፣ ሣልስ፣ ኃምስና ሳድስ ቅርብ ቅርብ ስለሆኑ አንድ ጠበብ ያለ አፍ ይበቃቸዋል። ከዚህ የሚያፈነግጡት አ፣ ሀ፣ ዐ የመሳሰሉት ናቸው፤ ጽሑፋቸው ግዕዝ ቢሆንም አነባበባቸው ራብዕ ስለሆነ አፉ ይከፈታል። አራተኛው አፍ ዝግ ነው። እሱ ከቤቱ ሳይሆን ከፊደሉ ይመጣል፤ መ፣ በ፣ ፐ እና ጰ ሲመጡ ከንፈር ለከንፈር ይገጥማል። በቃ፣ አራት አፍ። ዶሮው ደግሞ ምንቃር ስለሆነ ያለው፣ ሁለት ብቻ ነው፤ ክፍትና ዝግ።

“መልካም አዲስ ዓመት”ን እንውሰድ። እናቴ ስትለው አንድ ሰከንድ ተኩል ስለፈጀ 18 ፎቶ ሆነ። “መ” ዝግ 2 ፎቶ፣ “ል” ጠባብ 1፣ “ካ” ክፍት 3፣ “ም” ዝግ 2፣ “አ” ክፍት 2፣ “ዲስ” ጠባብ 3፣ “ዓ” ክፍት 2፣ “መ” ዝግ 2፣ “ት” ጠባብ 1። ሲደመር 18። ሲቀናበር በደንብ ታየ፤ አፉ ሦስት ጊዜ ስለሚዘጋ እያንዳንዱ ቃል ጥርት ይላል።

“እንኳን አደረሳችሁ” ግን ሌላ ነው። ውስጡ አንድም ከንፈር የሚዘጋ ፊደል የለም። ልሙጥ ሆኖ ያልፋል። ያንን የተናገረው ምንቃር ብቻ ያለው ዶሮ ስለሆነ ችግር አልሆነም፤ በየክፍለ ቃሉ ከፈት ዘጋ ማድረግ በቂ ነው። ለሰው ገጸ ባሕርይ ግን “ኳ” ላይ አንድ ፎቶ ሹል አድርጋችሁ ወዲያው ክፈቱ፤ መጨረሻ ላይ “ሁ”ን ሁለት ፎቶ አሹሉ። እነዚህ ሁለት ቦታዎች ዓረፍተ ነገሩን ይሸከሙታል።

ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ ዝግ አፍ ከአንድ ፎቶ በላይ መቆየት አለበት። አንድ ፎቶ የሰከንድ አንድ አሥራ ሁለተኛ ብቻ ስለሆነ ዓይን ሳያየው ያመልጣል፤ ያን ጊዜ አፉ የሚያላምጥ እንጂ የሚናገር አይመስልም። ሁለተኛ፣ አፉን ከድምፁ አንድ ፎቶ አስቀድሙት። ሰው ከንፈሩን የሚያዘጋጀው ድምፁ ከመውጣቱ በፊት ነው። ከዘገየ ግን ወዲያው ይታወቃል። የገጠመ መሆኑን ለማረጋገጥ ድምፁን አጥፍታችሁ እዩት። የት ቦታ ምን እንደሚባል ከከንፈሩ መገመት ከቻላችሁ ሠርቷል።

አፎቹን ከጥቁርና ከቀይ ወረቀት ቆርጬ ከኋላቸው ባለሁለት ፊት ፕላስተር ለጠፍኩ። ፕላስተሩ እንዳለ ሲለጠፍ ሲነሣ ፊቱን ይልጣል። መጀመሪያ ልብስ ላይ ሁለት ሦስቴ ጫን ጫን ካደረጋችሁት ኃይሉ ይቀንሳል፣ ሲነሣም ወረቀቱን አይጎዳም። አፉ ሁሌ አንድ ቦታ ላይ እንዲያርፍ ፊቷ ላይ በእርሳስ ሁለት ቀጫጭን ነጥቦች አድርጌያለሁ። ያለዚያ በየፎቶው አፉ ወዲህና ወዲያ ይንቀጠቀጣል።

ሥዕሉን ቀላል ያደረግሁት ሆን ብዬ ነው። በእንቁጣጣሽ ጠዋት ልጆች እየዞሩ የሚሰጡንን የአበባና የመላእክት ሥዕል ታስታውሳላችሁ። ደማቅ ቀለም፣ ወፍራም ጥቁር መስመር፣ ትልልቅ ዓይን። እሱን መልክ ነው የወሰድኩት። ውጭ ያለ ዘመድ ገና ሲያየው የየትኛው በዓል እንደሆነ ይገባዋል። ከኋላ አረንጓዴ ኮረብታ፣ አንድ የቆርቆሮ ቤትና ራቅ ብሎ ያላለቀ ፎቅ አለ፤ ሰፈራችን እንደዚያ ስለሆነ። የአማርኛ ጽሑፉንም ከወረቀት ነው የቆረጥኩት። አንዳንድ ማቀናበሪያ የግዕዝ ፊደል ስለሌለው በፊደሉ ፈንታ ባዶ ሳጥን ያወጣል፤ የወረቀት ፊደል ግን የትም ይነበባል፣ ደግሞ ከሥዕሉ ጋር ይሄዳል።

ብርሃኑ ብዙ ትኩረት ይፈልጋል። በነሐሴና በጳጉሜን ደመናው በየደቂቃው ይለዋወጣል። በመስኮት ብርሃን ካነሣችሁ አንዱ ፎቶ ይደምቃል፣ ቀጣዩ ይጠቁራል፤ ሲጫወት ቪዲዮው ብልጭ ድርግም ይላል። መጋረጃ ዘግቼ አንድ አምፖል ብቻ ተጠቀምኩ። ስልኩም በራሱ ብርሃን እንዳይቀይር ስክሪኑን ጫን አድርጎ መያዝና መቆለፍ ያስፈልጋል። ያም ሆኖ መጀመሪያ አሥር ፎቶ ያህል ብቻ አንሡና አጫውቱት። ገጸ ባሕርያቱን ሳይሆን የእማማን ነጭ ነጠላ ጠርዝ ብቻ ተመልከቱ። እሱ ብልጭ ካላለ ቀጥሉ። መብራት ሄዶ ሲመለስ ግን ቀሪውን ከዚያው ከመሃል ከመቀጠል ያንን ዓረፍተ ነገር እንደገና ማንሣት ይሻላል፤ አምፖሉም ወረቀቱም ትንሽ መንቀሳቀሳቸው አይቀርም።

አላላኩ አጭር ነው። ቪዲዮውን በቁመት 720 በ1280 አድርጌ በቴሌግራም እንደ ፋይል ላክሁት፤ እንደ ተራ ቪዲዮ ሲላክ ተጨምቆ ቀጫጭኑ መስመር ይደበዝዛል። ለአጎቴ ቤት ጠዋት ነው የላክሁት። ለአክስቴ ግን እኛ ጋ ከቀኑ 7 ሰዓት ሲሆን ነው፤ እዚያ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ነው። ቀኑ ሐሙስ ስለነበር ወደ ሥራ ከመውጣቷ በፊት እንድታየው ነው። ዶሮው የሚጮኸው በእሷ ንጋት ሆነ ማለት ነው።

ለገና እማማን ወደ ዶሮው ፊቷን ዞራ እንድታወራ ማድረግ እፈልጋለሁ። እነዚህ አራት አፎች ከፊት ለፊት ለሚታይ ፊት የተሠሩ ናቸው። ከጎን ሲታይ ካዕብና ሳብዕ ላይ ከንፈሩ ወደ ፊት መውጣት ስላለበት አፉን ብቻ ሳይሆን አገጩንም አብሮ መቁረጥ ሊያስፈልግ ነው። ከጎን የሚታይ አፍ ቆርጣችሁ የምታውቁ ካላችሁ፣ አገጩን ከፊቱ የት ላይ እንደለያችሁት አሳዩኝ።