አቦል፣ ቶና፣ በረካ፦ በግምት የማይከፈት ቁልፍ ስሠራ

አክስቴ ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ አካባቢ፣ የማትጠቀምበት አንድ ክፍል አላት። ከሁለት ወር በፊት ለምኜ ወሰድኩትና ትንሽ ኤስኬፕ ሩም እያደረግኩት ነው። አንድ ቡድን ይገባል፣ ፍንጭ እየፈለገ ቁልፎቹን ተራ በተራ ይከፍታል፣ 40 ደቂቃ ሳያልቅ የመጨረሻው ሳጥን ጋ መድረስ አለበት። የክፍሉን በር ግን በጭራሽ አልቆልፈውም። መብራት ይጠፋል፣ ሰው ሊደነግጥ ይችላል። የሚቆለፉት ሳጥኖቹ ብቻ ናቸው።

የሚመጡልኝ ሁሉ እንዲህ ያለ ነገር ተጫውተው አያውቁም። ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ አስጨነቀኝ። ቁልፉ የሚከፈተው ስላስተዋሉ ነው ወይስ ስለገመቱ?

ታሪኩ ቀላል ነው። አንዲት አያት ደብዳቤ ትታለች፣ ሦስት ሳጥን ቆልፋለች። እያንዳንዱ ሳጥን ላይ ባለ ሦስት ቁጥር ቁልፍ አለ። ከ000 እስከ 999፣ 1000 ምርጫ ማለት ነው። ይሄ ብዙ ይመስላል። ግን ብዙ አይደለም።

የመጀመሪያውን ቁልፍ እንዲህ ነበር የሠራሁት። ሦስት ትሪ ላይ ስኒ ደረደርኩ። አንዱ ላይ አምስት፣ ሌላው ላይ ሁለት፣ ሦስተኛው ላይ አራት። ደብዳቤው «የቡናዬን ተራ የሚያውቅ ሳጥኔን ይከፍታል» ይላል። ተራውን ለማወቅ የስኒዎቹን ውስጥ ማየት ያስፈልጋል። የአቦሉ ጠቋራ፣ የቶናው ደመቅ ያለ፣ የበረካው ፈዛዛ ቡናማ ቀለም ነበራቸው። መልሱ 524 ነው።

አምስት ተማሪዎች ገቡ። አንደኛው ገና ከመቀመጡ ትሪዎቹን ቆጠረ፤ ሁለት፣ አራት፣ አምስት። ከዚያ ቁልፉን ይዞ ቁጥሮቹን ማገላበጥ ጀመረ። ሦስት የተለያዩ ቁጥሮች የሚደረደሩት በስድስት መንገድ ብቻ ነው። በአራተኛው ሙከራ ተከፈተለት። አጠገቡ ያለችው ልጅ «ለምን ግን 524 ሆነ?» ብላ ጠየቀችው። ማንም አልመለሰላትም። ስኒውን አንስቶ ውስጡን ያየ አንድም ሰው አልነበረም።

ያን ማታ ብዙ አሰብኩበት። የቁልፉን ቁጥር ወደ አራት ላሳድግ ብዬ ነበር። አራት የተለያዩ ቁጥሮች 24 አደራደር አላቸው። ያ ግን ልጁን ትንሽ ያደክመዋል እንጂ ስኒው ውስጥ እንዲያይ አያደርገውም። ችግሩ ሌላ ነው። ቁጥሩን የሚሰጠው ነገር ትሪው ነው፣ ተራውን የሚሰጠው ደግሞ የቀለሙ ድምቀት። ሁለቱ ስለተለያዩ አንዱን አግኝቶ ሌላውን መገመት ይቻላል።

ስለዚህ ትሪዎቹን አነሳኋቸው። ስኒዎቹን በሙሉ አንድ ረከቦት ላይ ደባለቅኳቸው። ሦስት ንጹህ ስኒም ጨመርኩ፣ ድምሩ 14 ሆነ። አሁን ስኒዎቹን ለመመደብ ብቸኛው መንገድ ውስጣቸው ያለው ቀለም ነው። ቀለሙን ያላየ ሰው 5፣ 2፣ 4 የሚባሉትን ቁጥሮች ራሳቸውን አያገኛቸውም። ቀለሙን ያየ ደግሞ ተራውን አብሮ አግኝቷል። አንዱ ማስተዋል ቁጥሩንም ቦታውንም ይሰጣል። ከዚያ ወዲህ የምሠራውን ቁልፍ ሁሉ በዚህ ነው የምመዝነው።

አክስቴ አንድ ነገር አረመችኝ። «በአንድ ስኒ ነው ሦስቱም የሚጠጣው፣ አጥበሽ ነው የምትቀጅው» አለችኝ። ልክ ናት። ደብዳቤው ላይ «ያን ቀን ውሃ ስለጠፋ ለየዙሩ ሌላ ስኒ አወጣሁ፤ የተጠጣባቸውን አላጠብኳቸውም» የሚል ጨመርኩ። ይሄ ዓረፍተ ነገር ንጹሆቹ እንደማይቆጠሩም ይናገራል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ የሚለውንም ደብዳቤው ውስጥ በተራ ጻፍኩት። ተጫዋቹ ከቤቱ ይዞት በመጣው እውቀት ላይ መተማመን አልፈልግም። የሚያስፈልገው ሁሉ ክፍሉ ውስጥ መኖር አለበት።

ሁለተኛው ቡድን ሌላ ችግር አሳየኝ። አምፖሉ ደብዛዛ ነበር፣ ቶናና በረካ ተመሳሰሉባቸው። አስተውለው ግን ተሳሳቱ። ይሄ ከግምት የባሰ ነው፣ ምክንያቱም ትክክለኛ ሐሳብ ይዘው በራሳቸው መጠራጠር ጀመሩ። አሁን ቀለሙ በከፍታም ይለያያል። የአቦሉ ስኒውን እስከ አፉ፣ የቶናው እስከ ግማሽ፣ የበረካው ታቹን ብቻ ነው። አምፖሉንም ነጭ አደረግኩት።

ሁለተኛውን ቁልፍ በአጭሩ ልንገራችሁ። መጀመሪያ የቆመ የግድግዳ ሰዓት ነበር። በእኛ አቆጣጠር ወይስ በፈረንጅ በሚል ስድስት ደቂቃ ተከራከሩበት። ሁለቱም ትክክል ሊሆን ስለሚችል አወጣሁት። አሁን የመጀመሪያው ሳጥን ክዳን ውስጠኛው በኩል ላይ ፯፬፱ ተጽፏል። አዲስ ተጫዋች ሳጥን ሲከፍት ታቹን ነው የሚያየው፣ ክዳኑን የሚያይ ጥቂት ነው። ብዙ ወጣት ደግሞ የግዕዝ ቁጥር ይምታታበታል። ክፍሉ ውስጥ ሁለቱንም ዓይነት ቁጥር ጎን ለጎን የያዘ የግድግዳ ካላንደር ሰቅያለሁ። መጀመሪያ ከበሩ ጀርባ ነበር። አንድ ቡድን ሳያየው ፯ንና ፬ን አስታወሰ፣ ፱ ጠፋበት፤ የመጨረሻውን ቁጥር ዝም ብሎ አሽከረከረው። አሥር ሙከራ ብቻ ስለሆነ ደቂቃ እንኳ አልፈጀበትም። አሁን ካላንደሩ ከጠረጴዛው ፊት ለፊት ነው።

መገመታቸውን እንዴት እንደማውቅ አንድ ጓደኛዬ ጠይቆኝ ነበር። ጆሮዬን ነው የምጠቀመው። «አሃ!» የሚለው ድምፅ ቁልፉ ከመከፈቱ በፊት ከተሰማ አስተውለዋል። ከተከፈተ በኋላ ከተሰማ ገምተዋል። ለየቁልፉ የተሳሳተ ሙከራ ስንት እንደሆነም ደብተር ላይ እመዘግባለሁ። ከሦስት ካለፈ የሚስተካከል ነገር አለ ማለት ነው።

ቁልፍ ስትገዙ ቀለበቱን ወደ ላይ እየሳባችሁ ቁጥሮቹን አዙሯቸው። ርካሾቹ ላይ ትክክለኛው ቁጥር ጋ ሲደርስ ያዝ ያደርጋል። አንዱን ቁልፌን ልጆች በዚህ መንገድ ነው የከፈቱት። ደግሞ ከፍተው ሲነካኩት ቁጥሩን ሳያውቁ የሚቀይሩበት ጊዜ አለ። ስለዚህ አዲስ ቡድን ከመግባቱ በፊት ሦስቱንም ራሴ ከፍቼ እዘጋለሁ።

ሲቸግራቸው ፍንጭ የሚጠይቁት እንደ ልጅነታችን እንቆቅልሽ ነው። እኔ «አገር ስጡኝ» እላለሁ፣ እነሱ «አንኮበርን ሰጠንሽ» ይላሉ። ሦስት አገር ብቻ ነው የሚሰጡት። ፍንጬ የት እንደሚያዩ ይናገራል፣ ምን እንደሚያዩ አይናገርም። «ስኒዎቹን ከላይ ብቻ ነው ያያችኋቸው?» ብዬ ዝም እላለሁ።

አሁን ሦስተኛው ቁልፍ ላይ ነኝ። የመንዝ ባና ተንጠልጥሏል፣ ጫፉ ላይ በጥቁር ሱፍ መስመሮች ሰፍቼበታለሁ። ሁለት መስመር፣ ሰፊ ክፍተት፣ ስድስት መስመር፣ ሰፊ ክፍተት፣ ሦስት መስመር። ባለፈው ቅዳሜ የገባው ቡድን በትክክል ቆጠረ፣ ግን ከቀኝ ጀመረና 362 አለ። ከየት እንደሚጀመር ባናው አይናገርም። ቀስት ልስፋበት ብዬ ነበር፣ አላማረኝም። ትናንት ማታ ሁለቱን መስመሮች ሦስት አደረግኳቸው። አሁን ከግራም ከቀኝም 363 ነው። የሚቀጥለው ቡድን እሁድ ይገባል።