የቀጠነው ወጥ

ለፋሲካ የአጎቴ ልጅ ዶሮ ወጥ ሠራች። ቁሌቱ በደንብ ሳይበስል ውሃ ስለጨመረችበት ወጡ ቀጠነ። አክስታችን ጭልፋውን አየት አደረጉና «ልጄ፣ ልብላው ወይስ ልጠመቅበት?» አሉ። እሷም አፍታ ሳትቆይ «እትዬ፣ ለእርስዎ ጥርስ አስቤ እኮ ነው ያቀጠንኩት» አለች። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ተረቡ ጥቂት ከተመላለሰ በኋላ አክስቴ ራሳቸው «እስቲ ጨምሪልኝ» ብለው ሰሐናቸውን ዘረጉ።

ከሰዓት በኋላ የወጡን ፎቶ ፌስቡክ ላይ ለጠፈችው። ብዙ ተከታይ ያለው አንድ ገጽ ፎቶውን ከነስሟ ወስዶ «ይህቺን ያገባ ዕድሜ ልኩን ይጾማል» ብሎ አጋራው።

እውነቱን ለመናገር ቀልዱ ከአክስቴ ቀልድ አይከፋም። ግን አክስቴ የተናገሩት ለእሷ ነው፤ መልሷንም ይጠብቁ ነበር። ገጹ የተናገረው ስለ እሷ፣ ለሌላ ሰው ነው። እሷ የዋህ ናትና ገብታ «ሽንኩርቱ ስላልበሰለ ነው፤ ለከርሞ አስተካክላለሁ» ብላ ጻፈች። ቤት ውስጥ ቢሆን ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። እዚያ ግን የእሷም መልስ እንደ አንድ ተጨማሪ አስተያየት ተቆጠረ፤ አስተያየት የበዛበትን ጽሑፍ ደግሞ ፌስቡክ ይበልጥ ለብዙ ሰው ያሳያል። ራሷን በተከላከለች ቁጥር አዲስ ተሳዳቢ ትጠራለች ማለት ነው። እያንዳንዱ ሰው አንድ ቀልድ ጥሎ ይሄዳል፤ ሁሉንም የምታነበው እሷ ብቻ ናት። ሲመሽ ወጡ ተረስቶ ስለ መልኳና ስለ እናቷ አስተዳደግ ይወራ ነበር።

ከሁሉ ያንገበገባት ስድቡ አልነበረም፤ በመልሷ ሥር የተደረደሩት ሳቂታ ፊቶች ነበሩ። ፌስቡክ ይህን ምልክት በ2016 (እ.ኤ.አ.) ከ«ላይክ» ጎን ሲያስቀምጥ ለቀልድ ብሎ ነበር። በ2021 አህመዱላህ የተባሉ የባንግላዴሽ የሃይማኖት መምህር ምልክቱን ሰው ለማዋረድ መጠቀም ክልክል ነው ብለው አስተምረዋል። ብዙ ሰው በሳቸውም ሳቀ፤ ያውም በዚያው ምልክት። እኔ ግን ያስቀመጡትን ልዩነት ወደድኩት፦ የለጠፈውም ሰው ያሰበው ቀልድ ከሆነ ግን ችግር የለውም ብለዋል። የእኛም ቤት ተረብ በዚሁ ደንብ ነው የሚሄደው። የተተረበው ሰው ፊት ከጠቆረ ተራቢው ወዲያው ራሱን ይተርባል ወይም ወሬ ይለውጣል። ስልክ ላይ ያን ፊት የሚያየው የለም።

ማታ አብረን ተቀምጠን በጽሑፏ ላይ አስተያየት መስጠት የሚችሉት ጓደኞቿ ብቻ እንዲሆኑ አደረግን። መልሷንም አጠፋችው። ገጹ የወሰደውን ፎቶ ግን ማውረድ የሚችለው ገጹ ወይም ፌስቡክ ነው። ሪፖርት አድርገናል፤ እስካሁን መልስ አልመጣም።