ደብረ ብሮችሃን

በጥምቀት ሰሞን ጎንደር ውስጥ ያለ ማተሚያ ቤት እረፍት የለውም። ባነር ነው፣ ቲሸርት ነው፣ ባጅ ነው፣ የእንግዳ መርሐ ግብር ነው፤ ሁሉም «ለነገ ይድረስልኝ» ይላል። እኔ ፒያሳ አካባቢ ባለች አነስተኛ ማተሚያ ቤት የአማርኛ ጽሑፍ አራሚ ነኝ። የምነግራችሁ ከአንድ የጉዞ አዘጋጅ ድርጅት በመጣ ባለ ስምንት ገጽ መርሐ ግብር ላይ የደረሰውን ነው።

መርሐ ግብሩ ለበዓሉ ከአዲስ አበባ ለሚመጡ የአገር ውስጥ ጎብኚዎች የተዘጋጀ ነበር። መጀመሪያ በእንግሊዝኛ ተጽፎ በኋላ ወደ አማርኛ የተመለሰ ነው። የመጀመሪያውን ናሙና አትመን ሰጠን። የድርጅቱ ተወካይ በማግስቱ በቀይ እስክሪብቶ አስምረውበት መለሱት። «20 ሰው» የሚለው ሥር ተሰምሯል። «በ2 ሰዓት»፣ «3 ቀን»፣ «500 ብር»፣ ሁሉም ተሰምሮበታል። በሽፋኑ ላይ ደግሞ «ቁጥር ባለበት ሁሉ ስሙ ብዙ ቁጥር ይሁን» ብለው ጽፈዋል።

እኔ በዚያ ሰዓት አልነበርኩም። ጸሐፊያችን ትጉህ ልጅ ናት፤ ደንበኛ ያዘዘውን ትፈጽማለች። ፋይሉን ከፍታ በፈልግና ተካ መስኮት አራት ቃል ቀየረች። «ሰው» የሚለውን በሙሉ «ሰዎች»፣ «ሰዓት» የሚለውን «ሰዓታት»፣ «ቀን» የሚለውን «ቀናት»፣ «ብር» የሚለውን «ብሮች» አደረገችው። ሥራው ደቂቃም አልፈጀባትም።

ስመለስ አዲሱ ናሙና ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ሁለተኛውን ገጽ ስገልጥ ትልቁ ርዕስ ላይ «የደብረ ብሮችሃን ሥላሴ ጉብኝት» ይላል። ብርሃን ውስጥ ብር አለ፤ ኮምፒውተሩ ደግሞ ገንዘቡን ከብርሃኑ አይለይም። ዝቅ ብሎ «ዋጋው ለሕፃናቶች በግማሽ ቀናትሶ» የሚል አለ። ቀንሶ ለማለት ነው። «ሕፃናቶች» የሚለው ግን የኮምፒውተር ጥፋት አይደለም፤ ከመጀመሪያውም እንዲያው ነበር። እሱን ወደ በኋላ እመጣበታለሁ።

እንዲህ ዓይነቱ ስህተት ዓይን ስለሚወጋ አያስፈራም። ማንም ያየዋል። የሚያስፈራው አራተኛው ገጽ ላይ ያለው ነበር፦ «አውቶቡሱ ከሆቴሉ በ2 ሰዓታት ይነሳል።»

ይህን ዓረፍተ ነገር አንብቡት። ፊደሉ ልክ ነው፣ ቃሉም ያለ ቃል ነው። ትርጉሙ ግን ተቀይሯል። «በ2 ሰዓት ይነሳል» ሲባል ጎንደር ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ቁርሱን በልቶ በር ላይ ይቆማል። «በ2 ሰዓታት ይነሳል» ከሆነ ግን ከአሁን ጀምሮ ሁለት ሰዓት በሚያህል ጊዜ ውስጥ ማለት ነው። ከመቼ ጀምሮ? አይታወቅም። አንድ ሙሉ አውቶቡስ እንግዳ በዚህ ወረቀት ቢተማመን ግማሹ ሆቴል ይቀር ነበር።

የቀን ሰዓት በአማርኛ ምንጊዜም ነጠላ ነው። ሁለት ሰዓት፣ ዘጠኝ ሰዓት፣ ስድስት ሰዓት ተኩል። ብዙ ቁጥር አይነካውም። የጊዜ ርዝመት ሲሆን ነገሩ ላላ ይላል። «ጉብኝቱ 2 ሰዓት ይፈጃል» ማንም የሚለው ነው። «2 ሰዓታት ይፈጃል» ቢባልም አልቃወምም፤ ጽሑፍ ለምዶታል፣ አንዳንዴም ከቀን ሰዓት ጋር እንዳይምታታ ይረዳል። «2 ሰዓቶች» ካልን ግን እጅ ላይ ወይም ግድግዳ ላይ ያለ ዕቃ ሆነ። «ሁለት ሰዓቶች ገዛሁ» ያለ ሰው ማንም አይስቅበትም።

ብርም እንደዚሁ ነው። «500 ብር» ዋጋ ነው። «500 ብሮች» ቢባል አንድ በአንድ የሚቆጠር ባለ አንድ ብር ክምር ይመስላል። ኪሎ፣ ሜትር፣ ሊትር፣ ኩንታል፣ ሁሉም መለኪያ ስለሆኑ ከቁጥር በኋላ ባሉበት ይቆያሉ። ከጎንደር ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው እንላለን እንጂ 100 ኪሎ ሜትሮች አንልም።

ተወካዩ ከሰዓት በኋላ መጡ። ሰውዬው የተማሩ፣ ለሥራቸው የሚጨነቁ ናቸው። ተቀምጠን አንድ በአንድ ተነጋገርን።

«ሃያ ከሆነ ብዙ ነው አይደል? ብዙ ከሆነ ደግሞ ሰዎች መሆን አለበት» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ብዙነቱን ሃያ የሚለው ቃል ራሱ ተናግሮታል። ስሙ የሚነግረን ምን እንደተቆጠረ ነው» አልኳቸው። «መነኸሪያ ሄደው ረዳቱን ይስሙት። "አዘዞ ሁለት ሰው! ሁለት ሰው ብቻ!" ነው የሚለው። ሁለት ሰዎች ብሎ የሚጣራ ሰምተው ያውቃሉ?»

«እሱማ የመንገድ አማርኛ ነው፤ እኛ የምናሳትመው ጽሑፍ ነው።»

ይህ ብዙ ሰው የሚያነሳው ጥያቄ ነው፤ ቸል የሚባልም አይደለም። ብዙዎች ነጠላውን የሰነፍ አነጋገር አድርገው ያዩታል፤ ሲጽፉ «ለማስተካከል» ኦች ይጨምራሉ። ስለዚህ ከመንገድ ወጥቼ የአባቶችን ንግግር አመጣሁላቸው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ።» ሃምሳ ሎሚዎች አላሉም፣ ሃምሳ ሰዎችም አላሉም። የከተማችንን አብያተ ክርስቲያናት ስንጠራም «የጎንደር አርባ አራቱ ታቦት» ነው የምንለው። ታቦቶች ብሎ የሚጠራ ሽማግሌ አላጋጠመኝም።

ትንሽ ዝም አሉና «እና ሰዎች ማለት ስህተት ነው?» ብለው ጠየቁኝ።

እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ አንዳንድ አራሚ ከቁጥር በኋላ ያየውን ኦች ሁሉ ይሰርዛል። ያም ልክ አይደለም። ሰው ሲቆጠር ሁለቱም ያስኬዳል። «20 ሰው ይጓዛል» ልክ ነው፤ «20 ሰዎች ይጓዛሉ» ልክ ነው። የዜና ጽሑፍ ሁለተኛውን ይመርጣል። ዋናው ነገር ግሡ ከስሙ ጋር መሄዱ ነው። የእኛ ናሙና ላይ የነበረው «20 ሰዎች ይጓዛል» የሚል ነበር። ልጅቷ ስሙን በኮምፒውተር ስትቀይር ግሡ ባለበት ቀርቷል። አንድ ጽሑፍ እንዲህ ተለጣጥፎ እንደተሠራ ማወቅ ከፈለጋችሁ ስሙንና ግሡን አስተያዩ።

ኦች የግድ የሚያስፈልግበት ቦታም አለ። የታወቁ፣ ተለይተው የተነሱ ሰዎች ከሆኑ «ሁለቱ አስጎብኚዎች በር ላይ ይጠብቋችኋል» ነው የሚባለው። «ሁለቱ አስጎብኚ» አይሆንም። አርባ አራቱ ታቦት ረግቶ የቆየ አጠራር ስለሆነ ነው ነጠላ የቀረው፤ እሱን አይቶ ሁሉንም መለካት አይቻልም።

ከዚያ ወደ ብዛት ቃላት ሄድን። «ብዙ ሰው» እና «ብዙ ሰዎች» እንደ ቁጥሩ ሁለቱም ይሄዳሉ። የማይሄዱት «እያንዳንዱ» እና «ማንኛውም» ናቸው። መርሐ ግብሩ «እያንዳንዱ ተጓዦች መታወቂያቸውን ይያዙ» ይል ነበር። እያንዳንዱ የሚለው ቃል ሥራው አንድ በአንድ መነጠል ነው፤ ነጥሎ ሲያበቃ መልሶ ብዙ ማድረግ አይችልም። «እያንዳንዱ ተጓዥ መታወቂያውን ይያዝ» ብለን አስተካከልን። ሁሉንም በአንድ ላይ ማዘዝ ከተፈለገም «ተጓዦች በሙሉ መታወቂያቸውን ይያዙ» ማለት ይቻላል። ደግሞም «ማንኛውም ዕቃዎች አውቶቡስ ውስጥ አይተው» የሚለው «ማንኛውም ዕቃ» ሆነ።

አሁን ወደ «ሕፃናቶች» ልመለስ። ሕፃናት ራሱ ከግዕዝ የመጣ ብዙ ቁጥር ነው፤ ሕፃን፣ ሕፃናት። በላዩ ኦች ሲጨመር ብዙው እንደገና ብዙ ሆነ ማለት ነው። ጎንደርን የሚያስጎበኝ ጽሑፍ ደግሞ ለዚህ ስህተት በጣም የተጋለጠ ነው። ታሪኩ በነገሥታት፣ በካህናትና በሊቃውንት የተሞላ ነዋ! ያ ስምንት ገጽ ላይ «የጎንደር ነገሥታቶች»፣ «አብያተ ክርስቲያናቶች» እና «በጣሪያው ላይ የተሳሉት መላእክቶች» ነበሩበት። ነገሥታት፣ አብያተ ክርስቲያናት፣ መላእክት ብለን አስተካከልን። ከግዕዙ ይልቅ የአማርኛውን ርባታ የሚመርጥ ሰው «ንጉሦች» ቢል መብቱ ነው። ሁለቱን መደረብ ግን አያስፈልግም።

ልጅቷ ይህን ሁሉ ቆማ ስትሰማ ነበር። ተወካዩ ዞር ብለው «እታለም፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ እኔ ነኝ ያዘዝኩሽ» አሏት። እሷም ፋይሉን ከመጀመሪያው ቅጂ ጀምረን እንሥራው አለች። ደግነቱ አዲሱን በሌላ ስም ነበር ያስቀመጠችው።

በዚህ ጊዜ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ተካ የሚለውን ቁልፍ አልነካነውም። በዎርድ የመፈለጊያ ሳጥን ውስጥ ይህን አስገባን፦

```
^#
```

ይህ ማንኛውንም አሃዝ ይፈልጋል። በየአሃዙ እየቆምን ከኋላው ያለውን ስም አየን፤ መለኪያ፣ ዋጋ ወይም የቀን ሰዓት ከሆነ ነጠላ፣ ሰው ከሆነ ግሡን አይተን ወሰንን። በፊደል የተጻፉትን ቁጥሮች ይህ ስለማያገኛቸው እነሱን በዓይን ለቀምናቸው። ለድርብ ብዙ ቁጥር ደግሞ «ናቶች» እና «ታቶች» ብለን ፈለግን። ሕፃናቶች፣ ክርስቲያናቶች፣ ነገሥታቶች በዚህ ተያዙ። «መላእክቶች» ግን ያመለጠ ነበር፤ እሱን ለብቻው አገኘነው። «ናቶች» ብለን ስንፈልግ «እናቶች» የሚለውም ወጣ። ልጅቷ ልታጠፋው ስትል እናት አንድ ናት፣ ስለዚህ እናቶች ልክ ነው አልኳት። መሣሪያው ቦታውን ያሳያል እንጂ አይፈርድም።

ከተወካዩ ጋር ያልተስማማንበት አንድ ነገር ብቻ ቀረ። እሳቸው ሽፋኑ ላይ «የ3 ቀናት ጉዞ» እንዲባል ፈለጉ፤ እኔ «የ3 ቀን ጉዞ» ይሻላል አልኩ። የእኔ አጠር ይላል፣ አፍም ላይ ቀላል ነው። የእሳቸውም ግን ስህተት የለበትም፤ ጋዜጣ በየቀኑ ይጽፈዋል። «ቀናቶች» ቢሉኝ ኖሮ እከራከር ነበር። ስለዚህ ሽፋኑ በእሳቸው ምርጫ ታተመ፤ አራተኛው ገጽ ላይ ደግሞ አውቶቡሱ ከጠዋቱ በ2 ሰዓት ይነሳል።