ያለ ጉርሻ ሁለት ሳምንት

ስትሮክ የመታኝ በ49 ዓመቴ ነው። የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ሲሆን ሥራዬ ጸጉር መሥራት ነበር፤ ሹሩባ። የተጎዳው የአንጎሌ ግራ ክፍል ስለነበር የተያዘው ቀኝ ጎኔ ነው። እግሬ በሦስት ወር ውስጥ ተስተካከለልኝ። እጄ ግን ተንጠልጥሎ ቀረ። በስምንተኛው ወር አንድ ሐኪም ስድስት ወር ካለፈ በኋላ እጅ ብዙም እንደማይለወጥ ነገረኝ። አመንኩት። ወደ ቤቴ ሄጄ በግራ እጄ መኖር ተማርኩ።

በ14ኛው ወር ወደ ሌላ ቴራፒስት ሄድኩ። የሄድኩት ትከሻዬን አሞኝ እንጂ እጄን ብዬ አልነበረም። ክንዴን ጠረጴዛ ላይ አስተኛችውና እጄ ከጠርዙ ወርዶ እንዲንጠለጠል አደረገች። ከዚያ አንጓሽን ወደ ላይ አንሺ አለችኝ። ተነሳ። ጣቶችሽን ዘርጊ አለችኝ። ትንሽ ተዘረጉ። በመጨረሻ የወጥ ቤት ጨርቅ ፊቴ አስቀመጠች። አንስቼ መልሼ እንድለቀው ነው። ማንሳቱ ቀላል ነበር። መልቀቁ ፈተና ሆነብኝ፤ ጣቶቼ ጨርቁን ይዘው እምቢ አሉ፣ ቆይተው ግን ለቀቁ።

«ይህን እጅ ቤት ውስጥ ለመጨረሻ ጊዜ የተጠቀምሽበት መቼ ነው?» አለችኝ። ማስታወስ አልቻልኩም።

ቀጥላ 30 የየዕለት ሥራዎች ያሉበት መጠይቅ አወጣች። መብራት ማብራት፣ መሳቢያ መክፈት፣ ፎጣ መያዝ የመሳሰሉ ናቸው። ለእያንዳንዱ ምን ያህል ጊዜ በቀኝሽ ታደርጊዋለሽ፣ ምን ያህልስ ይሳካልሻል እያለች ከ0 እስከ 5 ሞላችው። የአጠቃቀሜ አማካይ 0.9 ወጣ። ጨርቅ አንስቶ መልቀቅ የሚችል እጅ ነው እንግዲህ ቀኑን ሙሉ ሥራ ፈቶ የሚውለው።

ለዚህ ክፍተት ምክንያቱን ያገኘው ኤድዋርድ ታውብ የሚባል ተመራማሪ ነው። የጦጣዎችን የአንድ ክንድ የስሜት ነርቭ ሲቆርጥ ጦጣዎቹ ያንን ክንድ ጨርሰው ተዉት። ጡንቻውን የሚያንቀሳቅሰው ነርቭ ግን አልተነካም። ደህናውን ክንድ ሲያስርባቸው በተተወው መጠቀም ጀመሩ። መጀመሪያ ሞክረው አልሆን ስላላቸው መተውን ለምደው ነበር ማለት ነው። በሰውም እንዲሁ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እጅ በእርግጥም አይታዘዝም። ትሞክሪያለሽ፣ ሲኒው ይወድቃል፣ በግራሽ ታነሺዋለሽ። እጁ በኋላ ትንሽ ቢሻለውም ልማዱ ስለተያዘ ማንም አይጠራውም። የታውብ ቤተ ሙከራ እዚሁ እኔ የምኖርበት ከተማ እንደነበር ያወቅኩት በኋላ ነው። በ1981 ፖሊስ ገብቶ እንስሳቱን ከተያዙበት መጥፎ ሁኔታ የተነሳ ወሰዳቸው፤ ጉዳዩም በአሜሪካ የእንስሳት መብት ታሪክ ውስጥ ትልቅ ቦታ አለው። እጄ ላይ የተሠራበት ዘዴ በእንዲህ ያሉ እንስሳት ስቃይ የመጣ መሆኑን ሳስበው ይከብደኛል።

እኔን መተው ያስለመደኝ ግን መውደቅ የጀመረ ሲኒ ብቻ አልነበረም። ጉርሻም ነበር። በእኛ ቤት በግራ እጅ መብላት ነውር ነው። ቀኜ ሲያዝ ባለቤቴ ያጎርሰኝ ጀመር። ልጄም ታጎርሰኛለች። አክስቴ ከመጣች ሳህኑን ወደ ራሷ ትስባለች። በፍቅር ነው፣ አልጠራጠርም። ግን እንጀራ መቁረስ በቀን ሦስት ጊዜ ቀኝ እጄን ልጠራበት የምችልበት ዕድል ነበር፤ 14 ወር ሙሉ አንድ ጊዜም አልጠራሁትም።

ደህናውን እጅ አስሮ የተተወውን የሚያሠራው ሕክምና ሲጀመር መጀመሪያ የተደረገው ውል መፈረም ነው። ለሁለት ሳምንት፣ ከእንቅልፌ ነቅቼ ካለሁበት ጊዜ 90 በመቶውን፣ ደህናው ግራ እጄ ላይ ወፍራም ጓንት ይደረጋል። ምድጃ ላይ ድስት እንደምንይዝበት ዓይነት ነው፤ ጣት ለብቻው ስለማይወጣበት ምንም መያዝ አይቻልም። የሚወልቅበት ሰዓት አንድ በአንድ ተጽፏል፦ ስታጠብ፣ መጸዳጃ ቤት፣ ትኩስ ነገር ስይዝ፣ ደረጃ ላይ። የደረጃው የተጨመረው በሁለተኛው ቀን ነው። ስወርድ ተደናቅፌ በግራዬ መደገፊያውን ልይዝ ስል ጓንቱ አንሸራተተኝ። ባለቤቴ ባይይዘኝ ወድቄ ነበር። ሚዛኑን የሚስት ሰው ይህን ከመጀመሪያው ማሰብ አለበት። ባለቤቴም ፈርሟል፤ የእሱ መስመር «አላጎርስም» የሚል ነበር።

ክሊኒክ በቀን ሦስት ሰዓት፣ ለአሥር የሥራ ቀን ሄድኩ። በኋላ በማነሳው በ2006ቱ ትልቅ ጥናት ላይ እስከ ስድስት ሰዓት ይሰጥ ነበር። ልምምዱ ዝም ብሎ መደጋገም አይደለም። አንድ ሥራ ይመረጣል፣ 30 ሰከንድ ይሰጣል፣ አሥር ጊዜ ይደገማል፣ ውጤቱ በየጊዜው ይጻፋል። ሲሻሻል አንድ ነገር ብቻ ይከብዳል፦ ርቀቱ፣ ከፍታው ወይም የዕቃው መጠን። የእኔ አንዱ ሥራ ሽምብራ ከሰሃን ወደ ጎድጓዳ ሳህን ማዛወር ነበር። የመጀመሪያ ቀን በ30 ሰከንድ አራት ፍሬ። በአሥረኛው ቀን አሥራ አንድ።

ሌላው ሥራ እንጀራ ነበር፤ እኔ ነኝ የጠየቅኩት። በአንድ እጅ መቁረስ ስንት ሥራ እንዳለው ልብ ብዬ አላውቅም ነበር። የኋለኞቹ ጣቶች እንጀራውን ተጭነው ይይዛሉ፣ አውራ ጣትና አመልካች ጣት ቆንጥረው ይስባሉ፣ ከዚያ ሁሉም ተሰብስበው ወጡን ይጠቀልላሉ። እኔ ጋ ሁሉም ጣቶች አንድ ላይ ነው የሚታጠፉት። እንጀራው መዳፌ ውስጥ ይጨፈለቅና አልወጣ ይላል። ስለዚህ ከታች ጀመርን። መጀመሪያ የታጠፈ ጨርቅ መቆንጠጥ፣ ከዚያ ዳቦ መቁረስ፣ ከዚያ ቴራፒስቷ አንድ ጫፉን እየያዘችልኝ እንጀራ። ከቁርሻው ይልቅ ብዙ ሰዓት የፈጀብን መልቀቁ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥፋት አለ፤ ራስን በራስ ማታለል። ከጀርባዬና ከወንበሩ መደገፊያ መካከል ፎጣ አድርጋ ነበር። ወደ ፊት ስዘረጋ ፎጣው ከወደቀ የደረስኩት በእጄ ሳይሆን በወገቤ ነው፤ ያ ሙከራ አይቆጠርም። ትከሻ ወደ ጆሮ ከወጣም እንዲሁ። ቤት ውስጥ ብቻውን የሚለማመድ ሰው መስታወት ፊት ይቀመጥ።

በሁለተኛው ሳምንት ማክሰኞ እጄ ደረቀ። ጣቶቼ ተጨብጠው ቀሩ፣ ትከሻዬም ነደደኝ። የጀመርኩትን ያጣሁ መስሎኝ አለቀስኩ። ድካም ነበር። ያን ቀን ከክሊኒክ ሰዓታችን ግማሹን ቀነስን፣ በቀስታ እየዘረጋን አሳረፍነው። በማግስቱ ተመለሰ። ማታ አክስቴ ስትመጣ ጓንቱን አይታ ደነገጠች። «ልጄ፣ ይሄን ደግሞ ማን አሠረብሽ? ነይ ላጉርስሽ» አለች። ባለቤቴ «እትዬ፣ ይቅርታ፣ ፈርመናል» አላት። በዓይኗ ፊት ሃያ ደቂቃ ፈጅቶብኝ አራት ጉርሻ በገዛ እጄ ጎረስኩ። ሸሚዜ በወጥ ተበላሽቶ ነበር።

ሁለት ሳምንቱ ሲያልቅ መጠይቁ ላይ 0.9 የነበረው 2.8 ሆነ። ከሁለት ዓመት በኋላም 2.5 ላይ ነኝ። የጣቶቼን ብልሃት የሚለካው ፈተና ግን ብዙም አልተነቃነቀም። ይህን ልዩነት ለመረዳት ጊዜ ወስዶብኛል። ያገኘሁት በአብዛኛው አዲስ ችሎታ አይደለም፤ የነበረኝን መጠቀም ነው።

ለዚህም ነው «ስድስት ወር» የሚባለው ነገር ግማሽ እውነት የሚሆነው። ከስትሮክ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ሳምንታት ከጉዳቱ ዙሪያ ያሉ የአንጎል ክፍሎች አዲስ ግንኙነት ለመፍጠር የተለየ ዝግጁነት አላቸው። ይህ ዝግጁነት በወራት ውስጥ ይቀንሳል። በ2021 በወጣ አንድ ጥናት 72 ሰዎች ተከፋፍለው ከአንዱ ቡድን በቀር ለሌሎቹ በተለያየ ጊዜ 20 ሰዓት ተጨማሪ የእጅ ልምምድ ተሰጣቸው። ከሁሉ ይበልጥ የተጠቀሙት ከስትሮኩ ከሁለት እስከ ሦስት ወር ውስጥ ያገኙት ናቸው። ከስድስት ወር በኋላ ያገኙት ተጨማሪውን ልምምድ ካላገኙት አልተለዩም። ስለዚህ ጊዜ ለውጥ አያመጣም የሚል ካለ ይሳሳታል።

ግን ቶሎና ብዙ ማድረግም ሁልጊዜ አይጠቅምም። በ2009 በወጣ ሌላ ጥናት ይህንኑ የጓንት ሕክምና ገና በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት አካባቢ በብዛት የወሰዱት፣ ከ90 ቀን በኋላ ሲለኩ መጠነኛውን ከወሰዱት ያነሰ ነበር ያሻሻሉት። በሌላ በኩል ደግሞ በ2006 የወጣው ትልቁ ጥናት አለ። 222 ሰዎች ነበሩበት፤ ግማሾቹ ከስትሮኩ ከሦስት እስከ ዘጠኝ ወር ባለው ጊዜ ጓንቱን አደረጉ፣ ሌሎቹ አንድ ዓመት ጠብቀው። የጠበቁትም ተሻሽለዋል፤ በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ ሁለቱ ቡድኖች ተቀራርበው ነበር። በ14ኛው ወር የጀመርኩት እኔ የምመስለው እነሱን ነው። አንጎልም ዝም አላለም፦ በ2000 በወጣ ጥናት ስድስት ወርና ከዚያ በላይ የሆናቸው ሕመምተኞች በመግነጢስ ሲለኩ፣ ከሁለት ሳምንት ልምምድ በኋላ የእጃቸውን ጡንቻ የሚያዝዘው የአንጎል ቦታ ሰፍቶ ተገኝቷል።

እኔ እንዲህ ነው የገባኝ፦ ጊዜ የሚገድበው በራሱ የሚመጣውን ማገገም ነው። ተለምዶ የተተወን እጅ መልሶ መጥራት ግን ቀን የለውም፤ የሚጠራ ነገር እስካለ ድረስ። ቅድመ ሁኔታው ይህ ነው። በ2006ቱ ጥናት ለመግባት አንጓን ቢያንስ 10 ዲግሪ ወደ ላይ ማንሳት፣ አውራ ጣትንና ሌሎች ሁለት ጣቶችንም 10 ዲግሪ መዘርጋት ያስፈልግ ነበር። ጨርቁን አንስቶ መልቀቅ የማይችል ሰው ጓንቱ ቢደረግለት የሚያተርፈው ንዴት ብቻ ነው። አንድ ጎረቤታችን እኔን አይቶ ለእናቱ ሊያደርግላት ፈልጎ ነበር። እጇ ጭራሽ አይንቀሳቀስም። ሁለቱም እጇ እንደታሰረ ማለት ነው ብዬ ከለከልኩት፤ ወደ ቴራፒስቷ ላክኋቸው።

ሹሩባ አልተመለሰልኝም። ጣቶችን ለየብቻ የሚያንቀሳቅሰው ከአንጎል ወደ ህብለ ሰረሰር የሚወርደው መስመር ነው። የእኔ በብዛት ተጎድቷል፤ ልምምድ ደግሞ የጠፋውን መስመር አይተካም። ስምንት ወር በአሻንጉሊት ጸጉር ሞክሬ ተውኩት። አሁን ሳሎኑ ውስጥ ልጄ ስትሠራ የደንበኛውን ጸጉር በቀኝ እጄ ከፍሎ የሚይዝላት እኔ ነኝ። ቅዳሜ ጠዋት ለሁለት ሰዓት ጓንቱን አደርጋለሁ። ምሳ ላይ ከባለቤቴ ጋር በአንድ ትሪ እንበላለን፤ እኔ የምቆርሰው በዝግታ ነው፣ እሱም ይጠብቀኛል።