የካርፔቷ ቃጠሎ እና 1,450 ዶላር

ከሲልቨር ስፕሪንጉ አፓርታማ የወጣነው ኦገስት 31 ቀን 2023 ነው። እንቁጣጣሽ ሊገባ 12 ቀን ሲቀረው። አራት ዓመት ኖረንበታል። ስንገባ 1,450 ዶላር ዲፖዚት አስይዘን ነበር፤ የአንድ ወር ኪራይ ማለት ነው። ያኔ የሜሪላንድ ሕግ እስከ ሁለት ወር ድረስ ይፈቅድ ስለነበር እንደ ዕድለኛ ነበር የቆጠርነው። (ከኦክቶበር 1 ቀን 2024 ወዲህ ለሚፈረም ሊዝ ጣሪያው በአብዛኛው የአንድ ወር ሆኗል።) ባለቤቴ ገንዘቡ ገና ሳይመጣ ለአዲሱ ቤት ሶፋ መድባዋለች።

ኦክቶበር 10 ከአከራዩ ፖስታ መጣ። ውስጡ የ145 ዶላር ቼክና አንድ ወረቀት አለ። ወረቀቱ ላይ ሦስት መስመር ተጽፏል። ካርፔት መቀየር 780። ቀለም 350። የኦቭን ጽዳት 175። አበቃ። ደረሰኝ የለም፣ ፎቶ የለም፣ ሰላምታም የለም።

በዚያው ማታ ደብዳቤ ጻፍኩ። ሁለት ገጽ ሙሉ። አራት ዓመት አንድ ቀን ሳላሳልፍ ኪራይ መክፈሌን፣ በክረምት ማሞቂያው ተበላሽቶ ሦስት ቀን መንቀጥቀጣችንን፣ እግዚአብሔር እንደሚያይ፣ ሁሉንም ዘረዘርኩ። እንግሊዝኛው የእኔ ነው፣ ንዴቱ ግን አማርኛ ነበር።

ደግነቱ ከመላኬ በፊት ለአንድ ጋሼ አሳየሁት። ዕድሜያቸውን ሙሉ በአፓርታማ ጥገና የሠሩ ሰው ናቸው። መነጽራቸውን አድርገው ጨረሱትና አጥፈው መለሱልኝ።

«ይሄ ለንስሐ አባትህ ይሆናል» አሉኝ። «ለማኔጅመንት ግን ቁጥር፣ ቀንና ፎቶ ነው የሚጻፈው። ለመሆኑ ፎቶ አለህ?»

የወጣንበት ቀን ፎቶ አለኝ። ዕቃው ተጭኖ ካለቀ በኋላ በባዶው ቤት እየዞርኩ አነሳሁ። ችግሩ የገባንበት ቀን ነው። የ2019 ስልኬ ውኃ ውስጥ ወድቆ ከሞተ ቆይቷል። የወጣንበት ቀን ፎቶ ብቻውን ግማሽ ማስረጃ ነው። ቤቱ ዛሬ ምን እንደሚመስል ያሳያል፤ ስንረከበው ምን ይመስል እንደነበር ግን አይናገርም።

ያዳነችን የባለቤቴ ታናሽ እህት ናት፣ አዲስ አበባ ሆና። ሴፕቴምበር 1 ቀን 2019፣ በገባን ቀን፣ «ቤቱን አሳዪኝ» ብላ ስትጨቀጭቃት ባለቤቴ ዘጠኝ ፎቶ በቴሌግራም ልካላት ነበር። ቻቱ ወደ ላይ ሲጎተት፣ ሲጎተት፣ ተገኘ። ሳሎኑ አለ። ኪችኑ አለ። በረንዳው በር ሥር ካርፔቱ ላይ ያለችው ቡናማ እድፍ ጭምር ቁልጭ ብላ ትታያለች። የእህቷ መልስም ከሥሩ አለ፦ «ውይ ሲያምር! በረንዳው ጋ ያለችው ምንድን ናት፣ ከአሁኑ ቡና ደፋችሁ እንዴ?» ባለቤቴ ደግሞ «ኧረ ስንገባ ያገኘናት ናት» ብላለች።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። በቴሌግራም የተላከ ፎቶ ሲጨመቅ፣ ካሜራው ፋይሉ ውስጥ የጻፈው ቀንና ሰዓት ይጠፋል። ዋትሳፕም እንደዚያው ነው። ፎቶውን ብቻ ወደ ስልክ ብናወርደው ቀኑ የዛሬ ይሆን ነበር። ስለዚህ ያተምነው ፎቶውን ብቻውን ሳይሆን የቻቱን ስክሪንሾት ነው፤ የመልእክቱ ቀን፣ ፎቶውና የእህቷ ጥያቄ አብረው የሚታዩበትን። የወጣንበትን ቀን ፎቶዎች ግን ኦሪጅናላቸውን ከስልኬ አልነካኋቸውም። ማንም ሲጠይቅ ከፍቼ ሰዓታቸውን ማሳየት እችላለሁ።

ጋሼ ፎቶዎቹን ጥንድ ጥንድ አድርገው ደረደሩልኝ። ግራ በኩል 2019፣ ቀኝ በኩል 2023፣ የቻልነውን ያህል ከአንድ አቅጣጫ። ለእያንዳንዱ ቁጥር ሰጠነው፤ ከሥሩ ቀኑን ጻፍን። 11 ፎቶ ሆነ። ስልኬ ውስጥ 60 ያህል ነበሩ፤ ጋሼ «60 ፎቶ ማንም አያይም» ብለው ቀነሱት።

ከዚያ የፈራሁት መጣ። ከፎቶዎቹ አንዷ ሳሎን መሐል ካርፔቱ ላይ ያለችውን ቃጠሎ ታሳያለች። ይቺ የእኛ ናት። ለፋሲካ ቡና ስናፈላ ከማጨሻው ላይ ከሰል ፈናጥራ ወድቃ ነው። የሃያ አምስት ሳንቲም ያህል ናት። ከጎኗ ሳንቲም አስቀምጬ ነው ያነሳኋት፤ ለምን እንደዚያ እንዳደረግሁ አላውቅም፣ ሕሊና ይሆናል።

«ይቺን እናውጣት?» አልኳቸው።

«እነሱም አንስተዋታል» አሉኝ። «አንተ ደብቀህ እነሱ ካወጧት የቀሩት አሥሩም ውሸት ይመስላሉ። አስገባት። ዋጋዋን ግን አንተ ተናገር።»

የካርፔቱ ክርክር ያረፈው እዚህ ላይ ነው። ሕጉ አከራይ ከዲፖዚት ላይ ከመደበኛ እርጅና ላለፈ ጉዳት እንዲቀንስ ይፈቅድለታል። ቃጠሎ እርጅና አይደለም፣ ጉዳት ነው። በዚህ አልተከራከርኩም። ነገር ግን ካርፔቱ እኛ ስንገባም አዲስ አልነበረም፤ እድፏ ምስክር ናት። አራት ዓመት ደግሞ ረገጥነው። ያረጀ ካርፔት ላይ ለወደቀች አንዲት ነጥብ የአዲስ ካርፔት ሙሉ ዋጋ መጠየቅ፣ በተቧጨረ አሮጌ መኪና ምትክ አዲስ መኪና ግዛልኝ እንደማለት ነው። ጋሼ እንደዚህ ዓይነቷን ነጥብ ከቁም ሣጥን ውስጥ ቁራጭ ቆርጠው እየለጠፉ ስንቱን አስተካክለዋል። ለሥራው 100 ዶላር በቂ ነው አሉ።

ደብዳቤው በመጨረሻ አንድ ገጽ ሆነ። የላክሁት በእንግሊዝኛ ነው፤ ፍሬ ነገሩ ይኸውና።

«ከሴፕቴምበር 1 ቀን 2019 እስከ ኦገስት 31 ቀን 2023 በአፓርታማው ተከራይቼ ኖሬያለሁ። 1,450 ዶላር ዲፖዚት ከፍያለሁ። ኦክቶበር 6 በጻፋችሁት ደብዳቤ 1,305 ዶላር መቀነሳችሁን ገልጻችኋል።

ካርፔት፣ 780 ዶላር። በበረንዳው በር ሥር ያለው እድፍ ከመግባቴ በፊት የነበረ ነው (ፎቶ 1 እና 2)። በሳሎኑ መሐል ያለው ትንሽ ቃጠሎ በእኔ ጊዜ የደረሰ ነው (ፎቶ 3)። ለጥገናው 100 ዶላር እቀበላለሁ። ቀሪው 680 ዶላር ይመለስልኝ።

ቀለም፣ 350 ዶላር። ግድግዳው ላይ ያሉት ትንንሽ የሚስማር ቀዳዳዎች ከአራት ዓመት መኖሪያ የሚጠበቅ እርጅና ናቸው (ፎቶ 4 እስከ 8)። ይመለስልኝ።

ጽዳት፣ 175 ዶላር። ኪችኑ ጸድቶ ነው የተረከባችሁት (ፎቶ 9 እስከ 11)። ይመለስልኝ።

ወለድ። በሕጉ ዝቅተኛ መጠን፣ በዓመት 1.5 በመቶ፣ ለአራት ዓመት 87 ዶላር ነው። አልተከፈለኝም።

ጠቅላላ 1,292 ዶላር እስከ ኦክቶበር 30 ድረስ ከታች ባለው አድራሻ እንድትልኩልኝ እጠይቃለሁ። የሜሪላንድ የንብረት ሕግ አንቀጽ 8-203 በትክክል የወጣውን ወጪ መግለጫ ይጠይቃል፤ ለሦስቱም ቅነሳዎች ደረሰኝ እንድትልኩልኝም እጠይቃለሁ። ካልተስማማን ጉዳዩን ወደ ዲስትሪክት ፍርድ ቤት እወስዳለሁ።»

ወለዱን ጋሼ ባያነሱት እኔ ሰምቼውም አላውቅም ነበር። የሚሰላው በ1.5 በመቶ ወይም በአንድ ዓመት የመንግሥት ቦንድ ተመን ነው፣ ከፍ ባለው። የስቴቱ የቤቶች መሥሪያ ቤት ማስሊያ ድረ ገጽ አለው፤ እኔ ግን ጭቅጭቅ እንዳይበዛ ዝቅተኛውን ወሰድኩ።

ስለ ጊዜውም ላንሳ። አከራዩ ከወጣህበት ቀን ጀምሮ 45 ቀን አለው። በዚያ ውስጥ የቀነሰበትን ዝርዝር በፖስታ ካልላከ በጉዳት ስም የመቀነስ መብቱን ያጣል። የእኛ 45ኛ ቀን ኦክቶበር 15 ነበር፤ የእነሱ ደብዳቤ በጊዜው ስለመጣ በዚህ መንገድ ልይዛቸው አልቻልኩም። ያለምክንያት ከያዙ ግን ፍርድ ቤት ከያዙት ገንዘብ እስከ ሦስት እጥፍ ሊፈርድ ይችላል። እስከ 5,000 ዶላር ያለው ክስ ያለ ጠበቃ የሚሄዱበት ነው። ይህንን ደብዳቤው ላይ ልዘረዝረው ፈልጌ ጋሼ ከለከሉኝ። የአንቀጹ ቁጥር ካለ የእነሱ ጠበቃ ያውቀዋል አሉ።

ስለ 145 ዶላሩ ቼክም ጠየቅኋቸው። ፊቱንም ጀርባውንም አገላብጠው አዩት። «ሙሉና የመጨረሻ ክፍያ» የሚል ቢኖር እሱን መመንዘር ተስማምቻለሁ ማለት ሊሆን ይችላል። አልነበረም። መነዘርነው።

ኦክቶበር 16 ሰኞ ደብዳቤውን በሰርቲፋይድ ሜይል ላክሁት፣ ተቀባዩ ፈርሞበት ከሚመለሰው አረንጓዴ ካርድ ጋር። ካርዱ በሳምንቱ ተመለሰ። ከዚያ ዝም። ኦክቶበር 30 አለፈ። የክስ ፎርሙን አውርጄ ስሜን መሙላት ጀምሬ ነበር።

ኖቬምበር 3 ሁለተኛ ፖስታ መጣ። የ1,117 ዶላር ቼክ። ካርፔቱ እንዳልኩት 100 ተቀነሰ። ቀለሙ ተመለሰ። ወለዱ ተከፈለ። የጽዳቱ 175 ግን ቀረ። ከሥሩ አንድ መስመር፦ «የራስዎን ፎቶ ቁጥር 11 ይመልከቱ።»

ሮጬ ፎቶ 11ን ከፈትኩ። ኦቭኑ ነው፣ በሩ ተከፍቶ። ታትሞ ሲታይ ጥቁር ብቻ ነበር። በስልኩ ላይ አጉልቼ ሳየው የዶሮ ቅባት ከታች ተጋግሯል። ሰዓቱ 2:10 PM ይላል። ባለቤቴ ኦቭኑን ስትፈትግ ያመሸችው ከዚያ በኋላ ነው፣ እስከ ማታ 4 ሰዓት። ካጸዳች በኋላ ደግሜ አላነሳሁትም። ቁልፉን ለማስረከብ ተቻኩዬ ነበር።

«እጄ ሦስት ቀን በረኪና በረኪና ሲሸት ነበርኮ» አለች።

ሶፋው ተገዛ። የእግር ማሳረፊያው ቀረ።