ከ1 ሰዓት ከ47 ደቂቃ ላይቭ አምስት ቪዲዮ እንዴት አወጣሁ

ለገጣፎ ጎረቤቴ የሆኑ አንድ ጋሼ ጫጩት ያሳድጋሉ። አንድ ቅዳሜ ዶሮ ቤታቸው ገብተን ቲክቶክ ላይ ላይቭ ገባን። 1 ሰዓት ከ47 ደቂቃ አወሩ። ደግነቱ በሌላ ስልክም እየቀረጽኩ ነበር፤ ኔትወርኩ ሁለቴ ተቆርጧል።

መጀመሪያ በርዕስ በርዕስ ቆረጥኩት። ሁሉም ቪዲዮ «እሺ… እንግዲህ ቅድም እንዳልኩት…» ብሎ ጀመረ። ላይቩን ያላየ ሰው የትኛውን ቅድም ያውቃል? አልፎት ይሄዳል።

ደብተር ይዤ እንደገና ከመጀመሪያው ሰማሁት። ብቻውን የሚቆም ዓረፍተ ነገር ስሰማ ደቂቃውን እጽፋለሁ። «ይሄ»፣ «እሱ»፣ «ቅድም» ካለበት እተወዋለሁ። 11 አገኘሁ፣ 5ቱን ወሰድኩ።

አንዱን ላሳያችሁ። ጋሼ 38ኛው ደቂቃ ላይ ስለ አምፖል ከፍታ ማውራት ጀመሩ። 41 ላይ ሲደርሱ «አስራ ዘጠኝ ጫጩት በአንድ ሌሊት አለቀብኝ። በሽታ እንዳይመስልህ» አሉ። እሷን አምጥቼ ፊት ላይ አደረግኳት። ከዚያ ወደ ማብራሪያው ተመለስኩ፦ መብራት ጠፋ፣ ጫጩቶቹ በረዳቸው፣ ተደራረቡ፣ ከሥር ያሉት ታፈኑ። ያቺን ንግግር ከድሮ ቦታዋ አጠፋኋት፤ ሁለቴ ከተሰማች ቪዲዮው የተደገመ ይመስላል። መክፈቻው ላይ ፊታቸውን አላሳየሁም። አምፖል ሥር የተጠጋጉትን ጫጩቶች አስቀምጬ ድምፃቸውን በላዩ አስገባሁ። ከቃሉ በፊት ያለችውን ትንፋሽም ቆረጥኩ። ግማሽ ሰከንድ ዝምታ እንኳ ስልኩ የቆመ ያስመስላል። በጠቅላላው 44 ሰከንድ ወጣው።

አራተኛው ላይ ግን ጉድ ሆንኩ። የአማርኛ ግሥ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው፤ «ከሆነ»ው ደግሞ ከፊት። ጋሼ ያሉት «ውሃው ክሎሪን ያለው ከሆነ እኔ ክትባት አልሰጥም» ነበር። በውሃ በጥብጠው ስለሚያጠጡት ክትባት ነው። እኔ ጠንካራ መክፈቻ ፍለጋ ከ«እኔ» ጀመርኩት። «እኔ ክትባት አልሰጥም!» የሚል ዶሮ አርቢ ወጣ። ኮሜንቱ ጎረፈ፣ እኔም ደስ አለኝ። ማታ ተደወለ።

«አንተ ልጅ፣ መቼ ነው ክትባት አልሰጥም ያልኩት?»

ወዲያው አነሳሁት። እዚያው ንግግር ውስጥ ትንሽ ወረድ ብሎ «ክሎሪኑ ክትባቱን ይገድለዋል» የምትል ነበረች። አጭር ናት፣ ግሡ ቶሎ ይመጣል፣ ከፊቷ ምንም ቢቆረጥ ትርጉሟ አይዞርም። በእሷ ጀምሬ መልሼ ለቀቅኩት። ኮሜንቱ ከበፊቱ ያንሳል።

አሁን ከመልቀቄ በፊት የእያንዳንዱን መጀመሪያ በቴሌግራም እልክላቸዋለሁ። ትናንት አንዱን «ይሄ ይሁን፤ ግን ያቺ የታመመች ዶሮ ከኋላዬ ትታያለች፣ አውጣልኝ» ብለው መልሰውልኛል።